ሦስቱ ሊትር የት ገባ? በሳምንት የሚቃጠለውን ነዳጅ ከተጓዘው ርቀት ጋር በመስመር ማመሳከር

ተሽከርካሪ ባለበት መሥሪያ ቤት ሁሉ ስምሪት ክፍሉ የሚያውቃት አንዲት ስሌት አለች። ተሽከርካሪው በሳምንቱ የተጓዘው ኪሎ ሜትር ለተቀዳው ሊትር ይካፈልና «በሊትር ስንት ይሄዳል» የሚለው ይወጣል። አንድ የናፍጣ ፒካፕ በአማካይ በሊትር 8 ኪሎ ሜትር ይሄዳል እንበል። በአንዱ ሳምንት 280 ኪሎ ሜትር ተጉዞ 38 ሊትር ፈጀ። መዝገብ ያዡ 280ን ለ8 ሲያካፍል 35 ሊትር ያገኛል፤ ስለዚህ ሾፌሩን ጠርቶ «ሦስቱ ሊትር የት ገባ?» ይለዋል። ከሁለት ሳምንት በኋላ ይኸው ሾፌር በዚያው ፒካፕ 530 ኪሎ ሜትር ተጉዞ 62 ሊትር ይፈጃል። በመዝገብ ያዡ ስሌት ከ66 ሊትር በላይ ያስፈልገው ስለነበር፣ አሁን ደግሞ ሾፌሩ ነዳጅ ቆጣቢ ተብሎ ይመሰገናል።

ወቀሳውም ምስጋናውም ከሾፌሩ የመጣ ሳይሆን ከማካፈሉ የመጣ ነው። ማካፈል ሳይነገር የሚያስቀምጠው ግምት አለ፤ እርሱም ተሽከርካሪው ካልተንቀሳቀሰ ምንም ነዳጅ አይቃጠልም የሚል ነው። ሞተር ግን ጠዋት ሲሞቅ፣ በትራፊክ መጨናነቅ ቆሞ ሲያንጎራጉር፣ ኃላፊው ከስብሰባ እስኪወጡ በር ላይ ሲጠብቅ ያቃጥላል። ይህ የቆመ ፍጆታ በየሳምንቱ ብዙም የማይለዋወጥ ከሆነ፣ ጥቂት ኪሎ ሜትር በተሄደበት ሳምንት ላይ ድርሻው ይገዝፋል፤ ብዙ በተሄደበት ሳምንት ደግሞ በርቀቱ መካከል ይዋጣል። ስለዚህ አጭር ሳምንት አብዛኛውን ጊዜ አባካኝ፣ ረጅም ሳምንት አብዛኛውን ጊዜ ቆጣቢ መስሎ ይታያል። የሚያስፈልገን ከርቀት ጋር የሚያድገውንና የማያድገውን ፍጆታ ለየብቻ የሚያሳይ መንገድ ነው፤ እርሱም በነጥቦች መካከል የሚያልፍ ቀጥተኛ መስመር ነው።

የፒካፑ የስምንት ሳምንት መዝገብ የሚከተለው ነው። ቁጥሮቹን በእጅ ለማስላት እንዲመቹ አድርጌ ለምሳሌነት ያዘጋጀኋቸው እኔ ነኝ፤ ባሕርያቸው ግን በእውነተኛ የስምሪት መዝገብ ላይ ከሚታየው አይርቅም።

| ሳምንት | ርቀት (ኪ.ሜ.) | ነዳጅ (ሊትር) |
|---|---|---|
| 1 | 350 | 45 |
| 2 | 280 | 38 |
| 3 | 480 | 61 |
| 4 | 530 | 62 |
| 5 | 310 | 39 |
| 6 | 450 | 55 |
| 7 | 390 | 51 |
| 8 | 410 | 49 |

የርቀቱ ድምር 3,200 ስለሆነ አማካዩ 400 ኪሎ ሜትር ነው። የነዳጁ ድምር 400 ስለሆነ አማካዩ 50 ሊትር ነው። ርቀቱን አግድም፣ ሊትሩን ሽቅብ አድርገን ስምንቱን ነጥቦች በወረቀት ላይ ብናስቀምጥ ከግራ ወደ ቀኝ ሽቅብ የሚወጣ፣ ትንሽ የተበታተነ ሰልፍ እናያለን። በማስመሪያ መስመር ማስመር ይቻላል፤ ነገር ግን እኔ የማሰምረውና እርስዎ የሚያሰምሩት አንድ አይሆንም። ስለዚህ ከመስመሮች ሁሉ የትኛው ይሻላል የሚለውን የሚዳኝ ደንብ ያስፈልጋል።

በመጀመሪያ የሚመጣልን ደንብ ነጥቦቹ ከመስመሩ በላይና በታች እኩል እንዲሆኑ፣ ማለትም ልዩነቶቹ ተደምረው ዜሮ እንዲመጡ ማድረግ ነው። ይህ ደንብ አይበቃም። ምክንያቱም በአማካዩ ነጥብ፣ ማለትም በ400 ኪሎ ሜትርና በ50 ሊትር መገናኛ ላይ የሚያልፍ ማንኛውም ቀጥተኛ መስመር፣ ቢዘቀዝቅም ቢያቀናም፣ ልዩነቶቹ ሲደመሩ ዜሮ ይሆናሉ። ምንም ያህል ቢጓዝ 50 ሊትር ይፈጃል የሚለው ጠፍጣፋ መስመር እንኳ ይህን ፈተና ያልፋል። ሰማንያ ኪሎ ሜትር ጨምሮ የሄደውንና የቀነሰውን አንድ የሚያደርግ መስመር የሚያልፍበት ፈተና ፈተና አይባልም።

ፈረንሳዊው ሒሳበኛ ለዣንድር በ1805 ያሳተመው ደንብ እያንዳንዱን ልዩነት በራሱ አባዝቶ መደመርና ድምሩ ከሁሉ ያነሰ የሚሆንበትን መስመር መምረጥ ነው። የተቸገረበት ጉዳይ ነዳጅ ሳይሆን የጅራታም ኮከቦች ምሕዋር ነበር፤ ችግሩ ግን ከእኛ ጋር አንድ ነው፤ ትንሽ ትንሽ ስሕተት ያለባቸው ብዙ ልኬቶች አሉ፣ ሁሉንም ሊያስማማ የሚችል መስመር ግን የለም። ልዩነት በራሱ ሲባዛ አሉታዊውም አወንታዊ ስለሚሆን፣ አንዱ ሳምንት የጎደለው የሌላውን ሳምንት ትርፍ አይሸፍንለትም። ከዚህም ሌላ አራት ሊትር የሳተ ግምት ሁለት ሊትር ከሳተው አራት እጥፍ ይቀጣል፤ በዚህ የተነሳ መስመሩ በአንድ ሳምንት በጣም ከመሳት ይልቅ በብዙ ሳምንታት ጥቂት ጥቂት መሳትን ይመርጣል። ስልቱ የአነስተኛ ካሬዎች ዘዴ የሚባለው ከዚህ የተነሳ ነው።

በተግባር ይህን መስመር ለማግኘት መስመሮችን አንድ በአንድ መሞከር አያስፈልግም። የየሳምንቱ ርቀት ከ400 በስንት እንደሚበልጥ ወይም እንደሚያንስ፣ ነዳጁም ከ50 በስንት እንደሚለይ ይጻፋል። ለምሳሌ ሁለተኛው ሳምንት በርቀት ከአማካዩ በ120 ያንሳል፣ በነዳጅ በ12 ያንሳል፤ የሁለቱ ብዜት 1,440 ነው። አራተኛው ሳምንት በርቀት በ130፣ በነዳጅ በ12 ይበልጣል፤ ብዜቱ 1,560 ነው። ሰባተኛው ሳምንት በርቀት በ10 አንሶ በነዳጅ በ1 ይበልጣል፤ ስለዚህ ብዜቱ ከዜሮ በታች 10 ይሆናል። የስምንቱ ብዜቶች ድምር 5,350 ነው። የርቀት ልዩነቶች ብቻቸውን እያንዳንዳቸው በራሳቸው ተባዝተው ሲደመሩ ደግሞ 51,000 ይመጣል። የመስመሩ ተዳፋት የመጀመሪያው ድምር ለሁለተኛው ሲካፈል የሚገኘው ነው፦ 5,350 ÷ 51,000 = 0.105 ያህል። መስመሩ በአማካዩ ነጥብ ላይ የግድ ስለሚያልፍ መነሻውን ማግኘት ቀላል ነው፤ ከ50 ላይ የ400 ኪሎ ሜትሩ ድርሻ፣ ማለትም ወደ 42 የሚጠጋው ሊትር ሲቀነስ 8 ሊትር ይቀራል።

```
y = 8.04 + 0.1049 x
```

እዚህ ላይ x በሳምንቱ የተጓዘው ኪሎ ሜትር፣ y ደግሞ የሚጠበቀው ሊትር ነው። በኤክሴል ለሚሠራ ሰው ርቀቱ በB፣ ነዳጁ በC ዓምድ ከተጻፈ ሦስት መስመር ይበቃል፦

```
=SLOPE(C2:C9,B2:B9)
=INTERCEPT(C2:C9,B2:B9)
=CORREL(B2:B9,C2:C9)
```

በመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ውስጥ የሚተነበየው ነገር፣ ማለትም ነዳጁ፣ ቀድሞ መጻፍ አለበት። ተዳፋቱ 0.105 መሆኑ ቀርቶ 9.19 ከመጣ ዓምዶቹ ተገላብጠዋል ማለት ነው፤ ያ ርቀትን ከነዳጅ የሚተነብይ ሌላ መስመር እንጂ የእኛው መስመር ግልባጭ አይደለም።

አሁን ሦስት መስመሮችን ጎን ለጎን እናስተያይ። ጠፍጣፋው የ50 ሊትር መስመር የልዩነቶቹ ካሬ ድምር 582 ነው። መዝገብ ያዡ ሳያውቀው የሚጠቀምበት፣ ከዜሮ ተነሥቶ በየኪሎ ሜትሩ 0.125 ሊትር የሚጨምረው መስመር ድምሩን ወደ 41.4 ያወርደዋል። የእኛው መስመር ደግሞ ወደ 20.8 ያደርሰዋል፤ ከዚህ በታች የሚያወርድ ቀጥተኛ መስመር የለም። ሦስቱም በአማካዩ ነጥብ ላይ ያልፋሉ፣ በሦስቱም ልዩነቶቹ ሲደመሩ ዜሮ ናቸው፤ የለያቸው ካሬው ብቻ ነው። የተወቀሰውን ሁለተኛውን ሳምንት በዚህ መስመር ስናየው ለ280 ኪሎ ሜትር የሚጠበቀው 37.4 ሊትር ሲሆን የተቃጠለው 38 ነው። ጠፋ የተባለው ሦስት ሊትር ወደ ግማሽ ሊትር አካባቢ ወረደ። የተመሰገነው አራተኛ ሳምንትም ከአራት ሊትር በላይ ሳይሆን 1.6 ሊትር ያህል ብቻ ነው ያተረፈው።

የመስመሩ ሁለት ቁጥሮች የተለያየ ነገር ይናገራሉ። ተዳፋቱ አንድ መቶ ኪሎ ሜትር ተጨማሪ ሲኬድ 10.5 ሊትር እንደሚጨምር ይናገራል። ይህ ከጠቅላላ አማካዩ፣ ማለትም ከመቶ ኪሎ ሜትር 12.5 ሊትር፣ ያነሰ ነው፤ ምክንያቱም የቆመው ፍጆታ ተነጥሎ ወደ መነሻው ሄዷል። ወደ ክፍለ ሀገር 200 ኪሎ ሜትር የሚጨምር ጉዞ በሳምንቱ ላይ ቢታከል ስንት ሊትር ተጨማሪ እንደሚያስፈልግ የሚጠይቅ ሰው መጠቀም ያለበት በተዳፋቱ ነው፤ 25 ሳይሆን 21 ሊትር ገደማ። እርግጥ ጉዞው የተለመደውን ዓይነት መንገድ የሚከተል ከሆነ ነው፤ ከከተማ የተሰበሰበ መዝገብ ስለ ኮረኮንች ዳገት የሚያውቀው ነገር የለም።

መነሻው፣ 8 ሊትሩ፣ መካኒኮች ሚኒሞ በሚሉት አሠራር ሞተሩ ቆሞ ሲሠራ የሚያቃጥለው ነው ብሎ ማንበብ ያጓጓል፤ እኔም ከላይ ነገሩን የጀመርኩት በዚሁ ሐሳብ ነው። ነገር ግን ጥንቃቄ ይጠይቃል። ከመዝገባችን ትንሹ ርቀት 280 ኪሎ ሜትር ነው፤ ዜሮ ኪሎ ሜትር የተሄደበት ሳምንት አይተን አናውቅም። መስመሩን ከ280 እስከ ዜሮ የጎተትነው በእምነት ነው፤ በተዳፋቱ ላይ ያለች ጥቂት ስሕተት ደግሞ በዚያ ርቀት ላይ ትገዝፋለች። በተለመደው የ95 በመቶ የእርግጠኝነት ስሌት ተዳፋቱ በመቶ ኪሎ ሜትር ከ8.5 እስከ 12.5 ሊትር ባለው ክልል ሲያርፍ፣ መነሻው ግን ከዜሮ ትንሽ ዝቅ ብሎ እስከ 16 ሊትር ይዘረጋል። በሌላ አነጋገር ስምንት ሳምንት የቆመ ፍጆታ መኖሩን ያመለክታል እንጂ መጠኑን በትክክል ለመናገር አያበቃም። ሃያና ሠላሳ ሳምንት ሲከማች፣ በተለይ ተሽከርካሪው እምብዛም ያልወጣባቸው ሳምንታት ከተካተቱ፣ ክልሉ ይጠባል።

መስመር የማያልፍበት የነጥብ ስብስብ የለም። የተበታተነ ጤፍ ላይ እንኳ ካሬውን የሚያሳንስ መስመር ይገኛል። ስለዚህ መስመሩ ከነጥቦቹ ጋር ምን ያህል እንደተቀራረበ የሚለካ ሌላ ቁጥር ያስፈልጋል፤ እርሱም ተዛምዶ ሲሆን በr ይጻፋል። ለስሌቱ የሚያስፈልጉት ቁጥሮች አስቀድመው በእጃችን ናቸው፦ የብዜቶቹ ድምር 5,350፣ የርቀቱ ካሬዎች ድምር 51,000፣ የነዳጁ ካሬዎች ድምር 582።

```
r = 5350 / √(51000 × 582) = 0.982
```

r ከ-1 እስከ 1 ባለው ክልል ውስጥ ይገኛል። 1 ከሆነ ነጥቦቹ ሁሉ ሽቅብ በሚወጣ አንድ መስመር ላይ ተሰልፈዋል፤ ወደ ዜሮ ሲጠጋ ርቀቱን ማወቅ ስለ ሊትሩ በቀጥታ መስመር የሚነግረን ነገር የለም። ለእኔ ግን ይበልጥ ግልጽ የሚሆንልኝ r በራሱ ሲባዛ ነው፤ 0.982 × 0.982 ወደ 0.964 ይሆናል። ይህ ቁጥር ከላይ ካየናቸው ሁለት ድምሮች ጋር ይገናኛል። ርቀቱን ሳናውቅ በጠፍጣፋው መስመር የነበረን የስሕተት ካሬ 582 ነበር፤ ርቀቱን ስናውቅ 20.8 ቀረ። ከ582ቱ 96.4 በመቶው ተወገደ ማለት ነው። ከሳምንት ሳምንት የሚታየው የነዳጅ መለዋወጥ አብዛኛው የርቀቱ መለዋወጥ ነጸብራቅ ነው።

ይህን ከፍ ያለ ቁጥር ያየ ኃላፊ «እንግዲያው ነዳጃችን አይሰረቅም» ብሎ ቢያርፍ ግን ተሳስቷል። በየሳምንቱ ሳይቋረጥ 5 ሊትር ወደ ጀሪካን የሚገለበጥ ቢሆን ስምንቱም ነጥቦች እኩል 5 ሊትር ከፍ ይላሉ፤ መነሻው ከ8 ወደ 13 ይወጣል፣ ተዳፋቱ አይነቃነቅም፣ r ደግሞ በትክክል 0.982 ሆኖ ይቀራል። በየሳምንቱ ከሚቃጠለው ላይ አሥር በመቶ እየተጨመረ ቢጻፍም ተዳፋቱና መነሻው አሥር በመቶ ያድጋሉ እንጂ r አሁንም አይለወጥም። ተዛምዶ የሚለካው ወጥነትን ነው፤ ወጥነት ያለው ስርቆት ከወጥነት አያጎድልም። እንዲህ ያለውን የሚያጋልጠው የሁለት ተመሳሳይ ተሽከርካሪዎችን ተዳፋትና መነሻ ማነጻጸር፣ ወይም ሾፌር ከተለወጠ በፊትና በኋላ ያለውን መስመር ለየብቻ ማስላት ነው።

በተቃራኒው ዝቅ ያለ r ሁሉ የጥፋት ምልክት አይደለም። ከመዝገባችን ውስጥ ከ350 እስከ 450 ኪሎ ሜትር ያሉትን አራት ሳምንታት ብቻ ብንወስድ r ከ0.982 ወደ 0.923 ይወርዳል። ፒካፑም፣ ሾፌሩም፣ ከመስመሩ የሚታየው መዛነፍም ያው ናቸው፤ የጠበበው የርቀቱ ክልል ነው። በየቀኑ አንድ ዓይነት መስመር የሚመላለስ የሠራተኛ ሰርቪስ በየሳምንቱ ተቀራራቢ ኪሎ ሜትር ስለሚያስመዘግብ፣ አያያዙ ምንም ያህል ቢያምር r ዝቅ ሊል ይችላል። ስለዚህ የሁለት ተሽከርካሪዎችን r አስተያይቶ አንደኛውን ሾፌር ማመስገን ትርጉም የለውም።

ከr ይልቅ ብዙ የሚናገረው የየሳምንቱ ቅሪት ነው፤ ቅሪት ማለት በተጨባጭ ከተመዘገበው ሊትር ላይ መስመሩ የጠበቀው ሲቀነስ የሚገኘው ነው። የእኛ ቅሪቶች በሳምንቱ ቅደም ተከተል +0.2፣ +0.6፣ +2.6፣ -1.6፣ -1.6፣ -0.2፣ +2.0፣ -2.0 ናቸው። ሰባተኛውና ስምንተኛው ሳምንት ላይ ዓይን ማረፍ አለበት። በአንዱ ሁለት ሊትር ተረፈ፣ በሚቀጥለው በዚያው ልክ ጎደለ። ከሦስተኛው ቀጥሎ ያሉት ሳምንታትም ወደዚያው ያዘነብላሉ። ይህ የአነዳድ ምልክት ሳይሆን የአቀዳድ ምልክት ይመስላል። መዝገቡ የሚይዘው ከማደያ የተቀዳውን እንጂ የተቃጠለውን አይደለም፤ ሾፌሩ አርብ ማታ ታንኩን አፉ ድረስ ከሞላው፣ የሚቀጥለው ሳምንት ነዳጅ በከፊል በዚህኛው ሳምንት ላይ ይጻፋል። ከሰባተኛው ሁለት ሊትር ወደ ስምንተኛው ብናሻግር ሁለቱም ነጥቦች መስመሩ ላይ ያርፋሉ። መድኃኒቱ ከስሌት ውጪ ነው፦ በየሳምንቱ በዚያው ቀን፣ ቢቻል በዚያው ማደያ፣ የቀጂው እጀታ ራሱ ሲቆም ብቻ ማቆም፣ በዚያችው ሰዓትም የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን ማንበብ። እንዲህ ሲሆን ሙሉ የነበረውን እንደገና ሙሉ ለማድረግ የገባው ሊትር የሳምንቱ ፍጆታ ይሆናል። ጌጁን በዓይን አይቶ «ሩብ ያህል ቀርቷል» ብሎ መመዝገብ ግን የሊትሮች ስሕተት ያስገባል።

በአንድ ሳምንት ብቻ ብዙ ነዳጅ ሲዛባ ግን r ይደነግጣል። በመጀመሪያው ሳምንት 45 ሳይሆን 57 ሊትር ተመዝግቦ ቢሆን ኖሮ r ከ0.982 ወደ 0.867 ይወርድ ነበር። መነሻውም ከ8 ወደ 14 ሊትር ይዘል ነበር፤ ሰባቱ ሳምንታት ምንም ሳይለወጡ ማለት ነው። ትላልቅ ልዩነቶችን አብልጦ የሚቀጣው ካሬ እዚህ ላይ ጣጣ ያመጣል፤ መስመሩ ያን አንድ ነጥብ ለማስታገስ ወደ እርሱ ይጎተታል፣ በዚህም የተነሳ የነጥቡን ጥፋት በከፊል ይሸፍናል። በተጎተተው መስመር የዚያ ሳምንት ቅሪት 10.2 ሊትር ብቻ ነው። የተጠረጠረውን ሳምንት አውጥተን መስመሩን ከቀሩት ሰባት ብናሰላው ግን ለ350 ኪሎ ሜትር የሚጠበቀው 44.7 ሊትር ይሆናል፣ ትርፉም 12.3 ሊትር። በሰባቱ ሳምንታት ከሚታየው የሁለት ሊትር ገደማ መዛነፍ ጋር ሲተያይ ይህ በአቀዳድ ልዩነት ብቻ የሚገለጽ አይደለም። በዚያ ሳምንት መብራት ጠፍቶ ለጄኔሬተር በጀሪካን ተቀድቶ እንደሆነ፣ የደረሰኙ ቁጥር በስሕተት ተገልብጦ እንደሆነ፣ ወይም ሌላ ነገር ተፈጥሮ እንደሆነ መስመሩ አይናገርም፤ ደረሰኞቹን አውጥቶ ከሾፌሩ ጋር ቁጭ ብሎ የሚጣራ ነው።